ኢቡፕሮፌን ለሁሉም ሰው አይስማማም፦ በስፋት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንደ ልብ የሚሸጡት ለሁሉም ሰው ስለሚስማሙ ነው። ጨጓራን የሚጎዱት በባዶ ሆድ ሲዋጡ ብቻ ነው፤ ከምግብ በኋላ የዋጣቸው ወይም በመርፌ የወሰዳቸው ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም። ኩላሊትን ይጎዳሉ የሚባለው አስቀድሞ ኩላሊቱ ለታመመ ነው፤ ሌላው ውሃ በደንብ ይጠጣ እንጂ አይፍራ። ለልብ ሕመምተኛማ እንዲያውም ይጠቅማሉ፤ እንደ አስፕሪን ደም ያቀጥናሉና። ነፍሰ ጡርም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከተጠነቀቀች ከዚያ በኋላ መውሰድ ትችላለች። ሰውን በፓራሲታሞል ብቻ እያባበሉ በሕመም ማሠቃየት ይብቃ።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ከብዙ ሰው እጅ እየተቀባበለ እኔም ዘንድ ደርሷል። ፋርማሲስት ነኝ። የጻፈው ሰው ክፉ ሐሳብ ነበረው ብዬ አላምንም፤ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ቁጭትም እውነት አለበት። ሌላ ሕመም የሌለባት ወጣት ሴት የወር አበባ ቁርጠት ሲይዛት ኢቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ይልቅ ሊያሽላት ይችላል። ጥርሱን ያመመው ጤነኛ ጎልማሳም እንዲሁ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ልክ አለው፤ አዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም በላይ ከወሰደ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። የምንለያየው «ለሁሉም ሰው» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ነጥብ እናስቀድም። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በመከልከል ነው። በተጎዳ ጉልበት ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር ሕመምና እብጠት ያመጣል። ጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከራሱ አሲድ የሚከላከለው እርሱ ነው። ኩላሊት ውስጥ የደም ሥሮችን ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ በጽንሱ ውስጥ ደግሞ ከልብ አጠገብ ያለ አንድ ወሳኝ የደም ሥር እንዳይዘጋ ያደርጋል። የዋጥነው ክኒን ጉልበቱን ከጨጓራው ለይቶ አያውቅም፤ በሁሉም ቦታ ያስቆመዋል። ስለዚህ ከእነዚህ ማስታገሻዎች መራቅ ያለበት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ አንዱ የአካል ክፍሉ በዚህ ንጥረ ነገር ላይ ተደግፎ የቆመ ሰው ነው።

ከጨጓራ ልጀምር። ምግብ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ለአንዳንድ ሰው ይቀንስለታል፤ ይህን እቀበላለሁ። ዋናው ጉዳት ግን ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ ሲያርፍ በሚያደርሰው ንክኪ አያበቃም። መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላ በደም ዞሮ ይመለስና የጨጓራውን መከላከያ ያሳጣል። በመርፌ የተሰጠው ዳይክሎፌናክም በፊንጢጣ የሚገባውም መንገዳቸው ይኸው ነው። መርፌ የጨጓራን በር ያልፋል የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ጨጓራም ደም የሚደርሰው አካል ነው። ቁስለት ያለበት ሰው «ጨጓራዬን ስለሚያመኝ በመርፌ ይሁንልኝ» ሲል ራሱን ከአደጋው አላራቀም።

ሌላው ሰው የሚዘናጋበት ነገር የሕመም አለመኖር ነው። ማስታገሻ የሚወስድ ሰው የጨጓራውም ሕመም አብሮ ሊታገሥለት ስለሚችል፣ ቁስለቱ መኖሩን የሚያውቀው መድማት ሲጀምር ሊሆን ይችላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይን የሚያጨልምና የሚያዞር ከሆነ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራውም ይጠቁራል፤ ብረት ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣብቅና ያን ዓይነት ሽታ ያለው አይሆንም። ካጠራጠረ መመርመር ነው።

ከጨጓራ አንጻር መራቅ ያለበት ማን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከዚህ ቀደም የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስለት የነበረበት፣ ይልቁንም ደምቶ የሚያውቅ ሰው። ቀጥሎ ዕድሜው ከ65 ዓመት ያለፈ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የጀመረ፣ ለልቡ በየቀኑ አስፕሪን የሚውጥ፣ ወይም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ላይ ያለ። በአገራችን እጅግ የተለመደው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ሲጨመርበት የቁስለቱ ዕድል ይበልጥ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ማስታገሻ የሚያስፈልገውና ጨጓራው ላይ ታሪክ ያለው ሰው አስቀድሞ ተመርምሮ ባክቴሪያውን ቢያጠፋ ይሻለዋል። ሐኪሙ የግድ ነው ካለ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አብሮ ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ኦሜፕራዞል የሚጠብቀው ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ነው፤ ለኩላሊትም ለልብም የሚያደርገው ነገር የለም። «ኦሜፕራዞል እየወሰድኩ ስለሆነ አይጎዳኝም» የሚለውን መድኃኒት ቤት ውስጥ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው ይህን የማነሣው።

እግረ መንገዴን ከውጭ አገር ስለሚላከው መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ደግሞ ናፕሮክሰን ነው። ጠዋት አድቪል ውጦ ማታ ከሰፈር የተገዛ ዳይክሎፌናክ የሚጨምር ሰው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ክኒኖች ነው። የማስታገሥ ኃይላቸው በዚያው ልክ አይጨምርም፤ የመድማት አደጋው ግን ይጨምራል።

አሁን ወደ ኩላሊት። ጽሑፉ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ለዓመታት የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ የሆነ ሰው ብዙውን የኩላሊቱን አቅም አጥቶም ምንም ላይሰማው ይችላል። ታዲያ «ኩላሊቱ የታመመ ይጠንቀቅ» የሚለው ምክር ደም አስመርምሮ ለማያውቅ ሰው ምን ይጠቅመዋል? መታመሙን መች አወቀና! ከዚያም በላይ ኩላሊታቸው በምርመራ ደህና ሆኖ ሳለ በእነዚህ ክኒኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጎዱ ሰዎች አሉ።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ምሳሌ ላቅርብ። የ64 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ደም ግፊት አለባቸው፤ ኢናላፕሪል እና ሰው «የሽንት መድኃኒት» የሚለውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ከወራት በፊት ሲመረመሩ የኩላሊት ሥራ መለኪያ የሆነው ክሬቲኒን 0.9 ነበር፤ ደህና ነው። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ልጃቸው ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ገዛላቸውና በቀን ሦስት ጊዜ ጀመሩ። የዐቢይ ጾም ወቅት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛቸው።

ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው። እያንዳንዷ የማጣሪያ ጉንጉን ደም የሚያስገባ አንድ ሥር፣ ደም የሚያስወጣ ሌላ ሥር አላት። በውስጧ በቂ ግፊት እንዲኖር የመግቢያው ሥር ሰፋ፣ የመውጫው ጠበብ ማለት አለበት። በእኒህ እናት አካል ውስጥ ጾሙ፣ ተቅማጡና የሽንት መድኃኒቱ ተባብረው የሚደርሰውን ደም ቀነሱት። ኢናላፕሪሉ የመውጫውን ሥር ያሰፋዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ማጣሪያውን የሚያቆየው የመግቢያውን ሥር ከፍቶ የያዘው ፕሮስታግላንዲን ብቻ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ዳይክሎፌናኩ ወሰደው። ቧንቧው ከላይ ጠቦ ከታች እንደ ሰፋ ማለት ነው፤ ግፊት አይኖረውም።

በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ሽንታቸው ይቀንሳል፤ ድካምና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ እግራቸውና ፊታቸው ሊያብጥ ይችላል። ሰውም በተቅማጡ ያመካኘዋል። ክሬቲኒኑ ቢለካ 2.4 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አብሮ በደም ውስጥ የሚጨምረው ፖታሲየም ደግሞ የልብን ምት እስከማዛባት ይደርሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ዳይክሎፌናኩ ይቆማል፤ ሐኪሙ ኢናላፕሪሉንና የሽንት መድኃኒቱን ለጊዜው ያግዳል፤ የጎደለው ፈሳሽ ይተካል። ብዙውን ጊዜም ኩላሊቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። በጊዜ ካልተደረሰበት ግን የማይመለስ ጉዳት አለ።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተቀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በብሪታንያ በደም ግፊት መድኃኒት ላይ ያሉ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ ታትሟል። ሦስቱን፣ ማለትም የኢናላፕሪልን ዓይነት መድኃኒት፣ የሽንት መድኃኒትና እነዚህን ማስታገሻዎች አንድ ላይ የወሰዱት፣ ማስታገሻውን ሳይጨምሩ ሁለቱን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ31 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ልዩነቱ 82 በመቶ ነበር። ሌላው የግፊት መድኃኒት ሎሳርታንም በዚህ በኩል እንደ ኢናላፕሪል ነው።

«ውሃ ይጠጣ» የሚለውስ? ለጤነኛ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ በተቅማጥ ለተዳከመም ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ውሃ በመድኃኒት የጠበበውን ሥር አይከፍትም። የልብ ድካም ያለበት ወይም ሽንቱ የቀነሰ ሰው ውሃ ሲያበዛ ደግሞ ውሃው ሳንባው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ምክሩ የሚጎዳው ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባውን ሰው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውሃ በሰውነት እንዲቀር ስለሚያደርጉ ግፊትን ይጨምራሉ፤ የግፊት መድኃኒቶችን፣ በተለይ የኢናላፕሪልን ዓይነትና የሽንት መድኃኒቶችን ሥራም ያዳክማሉ። ግፊቱ «እምቢ ያለ» ሕመምተኛ መድኃኒቱ ሲጨመርለት አያለሁ፤ ለወገቡ በየቀኑ ኢቡፕሮፌን እንደሚውጥ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም መድኃኒት ነው ብሎ አልቆጠረውም።

ለእኒህ እናት ጉልበት ምን ይሁን? ፓራሲታሞል በልኩ፣ ከእርሱም ጋር የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ጄል። ጄሉ ወደ ደም የሚገባው በክኒን ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። ለጉልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ጄል በደንብ የሚሠራ መሆኑን ሰው አያውቅም፤ ጸሐፊውም አላነሣውም። ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመ ሰዎች ግን ለጄሉም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ስለ ልብ የተባለው ከሁሉ በቀላሉ የሚፈርስ ነው። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው እውነት ነው፤ የመመሳሰላቸው ጉዳይ ግን ብዙ አይርቅም። በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ላይመለሱ ይዘጋቸዋል፤ እያንዳንዷ ፕላትሌት ዕድሜዋን ሙሉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋች ትኖራለች። ኢቡፕሮፌን ለሰዓታት ብቻ ይይዛቸውና ይለቃቸዋል። እንዲያውም ቀድሞ ቦታውን ከያዘ አስፕሪኑ እንዳይገባ ይከለክለዋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ኢቡፕሮፌን ካስፈለገው አስፕሪኑን ከዋጠ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ አለበለዚያ አስፕሪኑን ከመዋጡ ከ8 ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ እንዲወስደው አሳስቧል። ይህ የሰዓት ስሌት ሽፋን ለሌለው ተራ አስፕሪን የተሰላ ነው። ጠቃሚ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ለምን አስፈለገ?

ታሪኩም ይመሰክራል። የዚሁ ወገን የሆነው ቫዮክስ ጨጓራን ይጠብቃል ተብሎ በዓለም ሲሸጥ ቆይቶ በ2004 ከገበያ የወጣው የልብ ድንገተኛ ሕመምና ስትሮክ ስለሚጨምር ነው። በኋላ በ2013 የብዙ ጥናቶች መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ በቀን 150 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ወይም 2400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን የሚወስዱ ሰዎች ከባድ የልብ ሕመም የሚደርስባቸው መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ በአንድ ሦስተኛ ያህል በሚበልጥ ደረጃ ነበር። ልብ በሉ፤ 150 ሚሊግራም ማለት ከላይ የጠቀስኳቸው እናት የጀመሩት የተለመደው 50 ሦስት ጊዜ ነው። የልብ ድካም ባለበት ሰው ደግሞ የሚቀረው ጨውና ውሃ ራሱ በቂ ጉዳት ነው፤ ለሆስፒታል የሚያበቃ የልብ ድካም በእነዚህ መድኃኒቶች እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክኒኑ ከተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት በሁለት ኪሎ ያህል ከጨመረ፣ ቁርጭምጭሚት ካበጠ፣ በጀርባ መተኛት ትንፋሽ ካሳጠረ ምልክቱ ይኸው ነው።

አንዱን ነጥብ ለጸሐፊው ልተውለት። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2015 ሲያጣራ በቀን እስከ 1200 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን የልብ አደጋ ሲጨምር አላየም። ይህም 400ውን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ጤነኛ ልብ ያለው ሰው ለሦስት ቀን ስለወሰደ የሚያሸብር ነገር የለም። የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ የልቡን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የገባለት፣ የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ ራሱን አይቁጠር። በአገራችን ደግሞ ሌላ ወገን አለ፦ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልባቸው በር የተጎዳ ወጣቶች። ወጣት ስለሆኑ ማንም አይጠረጥራቸውም። ብዙዎቹ ፉሮሴማይድ የተባለውን የሽንት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የልባቸው በር የተቀየረላቸው ደግሞ ዋርፋሪን ላይ ናቸው። ለእነርሱ አንዲት ዳይክሎፌናክ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ልብን በአንድ ጊዜ ትነካለች።

ስለ እርግዝና የተጻፈው ግን ነገሩን ገልብጦ ነው ያስቀመጠው። በእነዚህ መድኃኒቶች ረገድ ግልጹ አደጋ ያለው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ በጽንሱ ዙሪያ ያለው የሽርት ውሃ በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ነው። እናቲቱ የዋጠችው ኢቡፕሮፌን ወደ ጽንሱ ይሻገርና የእርሱን ኩላሊት ልክ እንደ አዋቂው ያዳክመዋል፤ ሽንቱ ሲቀንስ የሽርት ውሃው ይቀንሳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲወገዱ ያስጠነቀቀው በዚህ ነው። ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በጽንሱ ልብ አጠገብ ያለው፣ ገና ሳንባው ሥራ ያልጀመረውን ሕፃን ደም የሚያሳልፈው ሥር ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ስድስተኛ ወር ላይ ያለች ሴት «ሦስቱ ወር አልፎኛል» ብላ ለወገቧ ዳይክሎፌናክ ብትጀምር የምትጀምረው በትክክል በማይገባው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራትም ቢሆኑ ያለ ሐኪም ምክር የሚወሰዱበት አይደሉም፤ በእርግዝና ጊዜ ሁሉ ቀዳሚው ምርጫ ፓራሲታሞል ነው።

እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ አንድ ሁለት ክኒን የዋጠች ሴት አትሸበር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከሁለት ቀን በላይ የወሰደች ግን አቁማ ለሐኪሟ ትንገር፤ የሽርት ውሃው በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በእርግዝና የሚመጣን ደም ግፊት ለመከላከል ሐኪም ያዘዘላት በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ከዚህ ማስጠንቀቂያ ውጭ ነው፤ ይህን አንብባ እንዳታቆመው።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ኢቡፕሮፌን እጅግ ጥቂት ነው፤ የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር የሌለባት አራስ ለምጧና ለስፌቷ ሕመም 400 ሚሊግራም ብትወስድ ማጥባቷን ማቋረጥ አያስፈልጋትም። በእርግዝናዋ ግፊቷ ጨምሮ የነበረች አራስ ግን ከመውሰዷ በፊት ያዋለዳትን ሐኪም ወይም አዋላጅ ትጠይቅ።